ፍሬን፦ «ደህና»

የአደጋ ዜናችን አንድ የታወቀ ሐረግ አለው፤ «ፍሬን በጥሶ»። መኪናው ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ፣ ፍሬን በጥሶ ከቆመ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። ሐረጉ ፍሬንን እንደ ገመድ ያስመስለዋል። ትናንት ሙሉ ነበር፣ ዛሬ ድንገት ተበጠሰ፣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይጠፋም። በሳምንታት ውስጥ፣ በሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር እየላላ ነው የሚሄደው። ያንን ሚሊ ሜትር መያዝ የነበረበት ወረቀት ደግሞ በየትራንስፖርት ድርጅቱ ስምሪት ክፍል ጠረጴዛ ላይ አለ። «ዕለታዊ የተሽከርካሪ መፈተሻ ቅጽ» ይባላል። የዛሬ ጠቤ ከዚህ ወረቀት ጋር ነው።

ያየው ሰው ያውቀዋል። ጎማ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ መብራት፣ መጥረጊያ፣ ፍሬን ተብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ፊት ሁለት ሳጥን አለ፤ «ደህና» እና «ብልሽት አለው»። ከታች የሹፌሩ ስምና ፊርማ። የመካኒክ ፊርማ የለበትም፤ የስምሪት ኃላፊም ፊርማ የለበትም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈርመው፤ እሱም በጉዞ ልክ የሚከፈለው ሰው ነው። «ብልሽት አለው» ብሎ ምልክት ካደረገ መኪናው ይቆማል፣ አበሉም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ «ደህና» ይላል። ሰው በገዛ እንጀራው ላይ እንዲመሰክር የሚጠይቅ ወረቀት ሌላ ምን መልስ ይጠብቃል?

ይሁን እንበል፤ ሹፌሩ ደፋር ነው፣ እውነቱን ብቻ ይጽፋል። ያኔም «ፍሬን፦ ደህና» የሚለው ሳጥን ዋጋ የለውም። ምክንያቱን ለማየት ከመኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል።

በአየር ፍሬን ከእያንዳንዱ ጎማ ጀርባ ቻምበር የሚባል ክብ የአየር ቤት አለ። ሹፌሩ ሲረግጥ አየር ይገባና አንድ ዘንግ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዘንጉ በክንድ አማካይነት የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ሸራው እያለቀ በሄደ ቁጥር ዘንጉ ሸራውን ታምቡሩ ጋር ለማድረስ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ አለበት። መንገዱ ግን መጨረሻ አለው። በከባድ መኪኖች የኋላ ጎማ ላይ በብዛት በሚገኘው መደበኛ 30 ቁጥር ቻምበር ዘንጉ መሄድ የሚችለው 64 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካ ሕግ 51 ሚሊ ሜትርን ካለፈ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። የቀረው 13 ሚሊ ሜትር ትርፍ አይደለም፤ ለሙቀት የተተወ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ዘንጉም ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል።

እንግዲህ ጠዋት በግቢው ውስጥ የሚደረገውን ሙከራ አስቡት። መኪናው ቀዝቃዛ ነው። ሹፌሩ አምስት ሜትር ይነዳል፣ ይረግጣል፣ ይቆማል። የአየር መለኪያው ሙሉ ነው። ደህና! ይኸው መኪና ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ግን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የሚጠብቀው። ታምቡሩ ይግላል፣ ይሰፋል፣ ጠዋት 55 ሚሊ ሜትር ይሄድ የነበረው ዘንግ መጨረሻው ላይ ይደርስና ይቆማል። ሹፌሩ አሁንም ይረግጣል። መለኪያው አሁንም ሙሉ አየር ያሳያል፤ መለኪያው የሚያየው አየሩን እንጂ የዘንጉን መንገድ አይደለምና። ማታ በዜና «ፍሬን በጥሶ» ይባላል። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም።

ልኬቱ ከባድ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ጎማው ሥር ታኮ ይደረጋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ይሰመራል። አንድ ሰው የአየር ግፊቱ 6 እና 7 ባር መካከል እያለ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው የጠመኔው መስመር ምን ያህል እንደሄደ በሜትር ይለካል። ይኸው ነው። በየቀኑ መሆንም የለበትም፤ በየሳምንቱና ከረጅም ቁልቁል ጉዞ በፊት ከተደረገ የዕለቱን የይስሙላ ምልክት ያስንቃል።

አሁን ቅጹ «ደህና» በሚለው ፈንታ ቁጥር ይጠይቅ። ለምሳሌ የአንድ መኪና የኋላ ግራ ጎማ በአራት ተከታታይ ሳምንት 38፣ 41፣ 45፣ 49 ቢመዘገብ፣ በድሮው ቅጽ አራቱም «ደህና» ነበሩ። በቁጥር ሲሆን ግን አምስተኛው ሳምንት ላይ 51ን እንደሚያልፍ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የቀኝ ጎማው በዚያው ጊዜ 38፣ 38፣ 39፣ 40 ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ችግሩ የሸራ ማለቅ ብቻ ሳይሆን በግራው በኩል ያለ የተለየ ብልሽት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቅጹ ከማጥበቅ በፊትና ከማጥበቅ በኋላ የተለካውን ለየብቻ መያዝ አለበት። አለዚያ መካኒኩ አጥብቆ 38 ብሎ ይጽፍና ታሪኩ ይጠፋል። በተለይ ራሱን በራሱ የሚያጠብቅ ማስተካከያ ያለው መኪና በእጅ ደጋግሞ ከተጠበቀ፣ ማስተካከያው ራሱ ወይም ሌላ የፍሬኑ ክፍል ተበላሽቷል ማለት ነው፤ በቁልፍ ማጥበቁ በሽታውን መሸፈን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ክርክር ያውቁታል። እዚያም የጭነት ሹፌር ብልሽት ባይኖርም በየቀኑ «ብልሽት የለም» ብሎ መሙላት ግዴታው ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. መንግሥት ግዴታውን ለጭነት መኪኖች አነሳው፤ የወረቀት ሸክም ነው ብሎ። ያላነሳው ነገር ግን ቁም ነገሩ ነው። ሹፌሩ ለጉዞ ደኅንነት የሚያሰጋ ብልሽት ከጻፈ፣ መኪናው እንደገና ከመውጣቱ በፊት ድርጅቱ «ተጠግኗል» ወይም «ጥገና አያስፈልገውም» ብሎ መፈረም አለበት። ቀጣዩ ሹፌር ደግሞ ያንን አይቶ ይፈርማል። ወረቀቱ ጥያቄና መልስ ነው። የእኛው ጥያቄ ብቻ ነው፤ መልስ የሚሰጥበት መስመር እንኳ አልታተመበትም።

የመኪና ባለንብረቶች መልስ ሁሌም ዝግጁ ነው፤ «መለዋወጫ የለም፣ ዶላር የለም፣ መኪናውን አቁሜ ምን ልብላ?» ግማሹ እውነት ነው። ሸራ ውድ ነው። ማጥበቅ ግን ቁልፍና አሥር ደቂቃ ነው፣ ዶላር አይጠይቅም። መለዋወጫው በእርግጥ ከጠፋም አንድ ሰው «እንዲሁ ይውጣ» ብሎ ይወስናል። ያ ሰው ሹፌሩ አይደለም። አደጋ ሲደርስ ግን ከፋይሉ የሚወጣው የሹፌሩ ፊርማ ነው፤ «ራሱ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል» ይባላል፣ በቸልተኝነት የሚጠየቀውም እሱ ይሆናል፤ ያውም በሕይወት ከተረፈ። ወረቀቱ ለፍሬኑ ሳይሆን ለዚህ ቀን የተዘጋጀ ይመስለኛል።

ሐሰተኛ መዝገብ መለየት ለሚፈልግ ብዙ አያደክምም። የወሩን ወረቀቶች ደርድሩ። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ተጽፈው ይሆናል። መኪናው ጋራዥ ውስጥ በነበረበት ቀንም «ደህና» የሚል ይገኛል። ዓመት ሙሉ አንድ ብልሽት ያልተጻፈበት አሮጌ መኪና ካለ ደግሞ ተአምር አይደለም፤ ማንም አላየውም ማለት ነው።

ቅጹን የምታዘጋጁ የቴክኒክ ኃላፊዎች፣ ከሹፌሩ ፊርማ በታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ጉድለቱ ሳይጠገን መኪናው እንዲወጣ የፈቀደው ሰው ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማ»። አትሙትና ለስምሪት ክፍል ላኩት። ከዚያ የመጀመሪያው ብልሽት የተጻፈበት ቀን፣ ያንን መስመር ለመሙላት እስክሪብቶ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ እዩ።