ክትባት ተገኘ ተብሎ አጎበር አይወርድም

«የወባ ክትባት ከመጣ አጎበር ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ እንሰማለን። እኛ ይህ አስተሳሰብ ሕፃናትን ለአደጋ ያጋልጣል እንላለን።

ወባ ያለባት ትንኝ ስትነክስ ተውሳኩ በደም አድርጎ ጉበት ይገባል። እዚያ ተባዝቶ ወደ ደም ሲመለስ ነው ልጁ የሚያተኩሰው። ክትባቱ ሰውነት ተውሳኩን ከጉበት በፊት እንዲይዘው ያዘጋጀዋል፤ ሁሉንም ግን አይዝም። አርቲኤስኤስ የተባለው ክትባት በትልቁ ሙከራ፣ 4 ጊዜ በተከተቡ ልጆች ላይ በ4 ዓመት ውስጥ ከ10 የወባ ሕመም 4 ያህሉን አስቀርቷል። ያውም አብዛኞቹ አጎበር ውስጥ እየተኙ ነው! በተጨማሪም ክትባቱ የተሠራው ፋልሲፓረም ለተባለው ወባ ነው፤ አገራችን ውስጥ ቫይቫክስም አለ። አጎበር ግን የሁለቱንም ትንኝ ይከለክላል።

ሌላው ስጋታችን አራተኛው ክትባት ነው። ክትባቱ ከ5 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በየወሩ ይከታተላሉ፤ አራተኛው ግን ከሦስተኛው ብዙ ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ያኔ ልጁ ሮጦ ስለሚጫወት ቀጠሮው ይረሳል፤ መከላከያውም በዚያው ጊዜ እየደከመ ይሄዳል።

ስለዚህ ቆላ ላሉ ዘመዶቻችን ስንደውል ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ አራተኛውን ወሰደ? ትናንት ማታስ አጎበር ውስጥ ተኛ?