ፎቶው መቼ ተነሳ? ቻትጂፒቲን ምስክር አታድርጉት



ወንድሞችና እህቶች፣ በአምቦም በጉደርም በጊንጪም አንድ ልማድ እየመጣ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለ አንድ ሰው ፎቶ ይለቀቃል። አንዱ «የትናንት ነው» ይላል፣ ሌላው «የድሮ ነው» ይላል። ከዚያ አንድ ልጅ ፎቶውን ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ «መቼና የት ተነሳ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን እንደ ፍርድ ይዞ ይመጣል። በዚህ መልስ የሰው ስም ሊጠፋ አይገባም ባይ ነኝ።

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ፋይሉ ውስጥ ኤግዚፍ የሚባል የማይታይ ጽሑፍ ያስቀምጣል። የካሜራው የቦታ ፈቃድ ክፍት ከሆነ፣ አምቦ ላይ የተነሳ ፎቶ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ ይገኛል (አሃዙን አሳጥሬዋለሁ)፦

```
DateTimeOriginal: 2025:03:14 16:40:12
GPSLatitude: 8.98 N
GPSLongitude: 37.85 E
```

ቀኑና ሰዓቱ የሚመጣው ከስልኩ ነው። ስልኩን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የሞላ ሰው ፎቶው ላይ ስድስት ሰዓት ይዛባል።

ቴሌግራም ላይ በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ይጨመቃል፣ ይህ ጽሑፍም ይራገፋል። «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ብቻ እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ግሩፕ ላይ የሚዞረው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የተነሳበትን ቀን አልያዘም።

ኦሪጅናሉ ቢሰጠውስ? ፋይሉ ከነጽሑፉ ኩባንያው ሰርቨር ሊደርስ ይችላል፤ የቤታችሁን ፎቶ ስትሰጡ ይህን አስቡበት። ሞዴሉ ጋ የሚደርሰው ግን ፋይሉ ራሱ አይደለም። ምስሉ መጠኑ ተስተካክሎ፣ በትናንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ፣ ወደ ቁጥር ተለውጦ ነው የሚገባለት። ኤግዚፉ በተለምዶ መንገድ ላይ ይቀራል። ኮድ የሚያስኬድ መሣሪያ ካለውና ፋይሉን ራሱን ከከፈተ ግን ሊያነበው ይችላል። መፈተን ቀላል ነው፦ ራሳችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ ስጡትና የተነሳበትን ሰዓት እስከ ሰከንዱ ጠይቁት፤ ከዚያ ጋለሪያችሁ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አስተያዩት።

ካላነበበ የቀረው የሚታየው ነገር ነው። በቁቤ የተጻፈ ታፔላ፣ ባጃጅ፣ ባሕር ዛፍ አይቶ «ኦሮሚያ» ቢል አይገርምም። አምቦ ይሁን ጉደር፣ ዘንድሮ ይሁን ከሦስት ዓመት በፊት ግን ይገምታል፤ ግምቱንም እንዳየ ሰው አስረግጦ ይናገራል።

ከምስል ብቻ ቦታ አይታወቅም ማለቴ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ አፍሪካ አይ ትግራይ ውስጥ ማኅበረ ደጎ አካባቢ የተቀረጹትን የግድያ ቪዲዮዎች ቦታ የለየው፣ የገደሉን ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሮ ነው። ያንን ማመሳከሪያ እኔም እናንተም ከፍተን ማየት እንችላለን። የቻትጂፒቲ «ይመስለኛል» ግን እንዲህ የሚመሳከር ነገር የለውም።

ክርክሩ እውነት እንዲወጣ ከተፈለገ፣ ፎቶውን መጀመሪያ ያነሳው ሰው ኦሪጅናሉን በፋይል ይላክና ዝርዝሩ ይከፈት። እሱም ቢሆን በነፃ አፕ ሊቀየር ስለሚችል፣ በዚያ ሰዓት ቦታው ላይ የነበረ ሰው ይጠየቅ።