ሥዕሉን ከምታጠኑት ሳሉት

ሕክምና የገባችሁ ተማሪዎቼ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን ባለቀለሙ ሥዕል ላይ አፍጥጣችሁ ባትሸመድዱት ይሻላል። ባዶ ወረቀት ላይ አምስት መስመር አስምሩ፣ ከሲ5 እስከ ቲ1። ሲ5ና ሲ6ን አጋጥሙ፣ ሲ7ን ብቻውን ተዉት፣ ሲ8ና ቲ1ን አጋጥሙ። ሦስቱ ግንዶች እነዚህ ናቸው።

አሁን የሲ5ና የሲ6 መገናኛ ላይ በእስክሪብቶ ቁረጡ። ሲወለድ ትከሻው ተይዞ አንገቱ የተለጠጠ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ዴልቶይድና ባይሴፕስ በዋናነት ነርቭ የሚያገኙት በዚህ በኩል ስለሆነ ክንዱን ወደ ጎን አያነሳም፣ ክርኑንም አያጥፍም። ጣታችሁን ብትሰጡት ግን ይጨብጣል፤ ሲ8ና ቲ1ን አልነካናቸውማ! ፈታኙ "ባይጨብጥስ?" ካላችሁ፣ ጉዳቱ እስከ ታችኛው ግንድ ወርዷል ማለት ነው፤ መቁረጫችሁን ዝቅ አድርጉት። የታተመው ሥዕል ላይ መቼም ይህን አታደርጉም፣ መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ነው።