«ትኩሳት ከሌለው ጉንፋን ነው» የሚለው ፍርድ

የአዋቂ ሰው አፍንጫ የሚፈሰው በአብዛኛው ከአራት ነገሮች በአንዱ ነው፦ በጉንፋን፣ በኢንፍሉዌንዛ፣ በአለርጂ ወይም ገና በጀመረ ኮሮና። ሐዴራ ውስጥ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ እንደ ሌላው ሁሉ፣ የሚሠራበት ፍርድ ግን አጭር ነው። ትኩሳት ካለ ኢንፍሉዌንዛ (ብዙዎች በዕብራይስጡ ሻፓአት የሚሉት)፣ ማሽተት ከጠፋ ኮሮና፣ ሁለቱም ከሌሉ ጉንፋን፤ ጉንፋን ደግሞ ከሥራ አያስቀርም። ይህ ፍርድ በሦስቱም እግሩ ያነክሳል።

የማሽተቱ ምልክት የ2020 ቅርስ ነው። በዚያ ዓመት የተሰራጩት የማነጻጸሪያ ሰንጠረዦች ማሽተት ማጣትን የኮሮና መለያ አድርገው፣ የአፍንጫ ፈሳሽን ደግሞ «አልፎ አልፎ» ከሚታዩት መድበውት ነበር። ለዚያ ጊዜው ቫይረስ ብዙም ስህተት አልነበረውም። በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቫይረሱ በላይኛው የመተንፈሻ አካል ላይ ይበልጥ መራባት ጀመረ፤ የሚይዛቸውም ሰዎች አብዛኞቹ ቀድመው የተከተቡ ወይም የታመሙ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ኮሮና የሚጀምረው በጉሮሮ መከርከር፣ በንፍጥና በማስነጠስ ነው፤ ማሽተት የሚጠፋባቸውም ጥቂቶች ናቸው። የታፈነ አፍንጫ ደግሞ በተራ ጉንፋንም በአለርጂም አያሸትም። ስለዚህ ትርጉም ያለው አፍንጫው ክፍት ሆኖ ቡናው ሲቆላ አልሸት ያለው ሰው ነው፤ ሽታ ያልጠፋበት ሰው ግን ከኮሮና ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

ትኩሳትም ቢሆን እንደሚታሰበው ታማኝ ምስክር አይደለም። ራሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ አካሞል ይውጣል፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ሙቀቱን ለክቶ «37 ነው፣ ትኩሳት የለኝም» ይላል። ያ ቁጥር የሚነግረው መድኃኒቱ መሥራቱን ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸውም ላያተኩሳቸው ይችላል፤ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ድንገተኛ መደናገር ብቻ ይታይባቸዋል። ኢንፍሉዌንዛን ከጉንፋን በተሻለ የሚለየው የአጀማመሩ ፍጥነት ነው። ጉንፋን ቀስ እያለ ይገባል፤ ዛሬ ጉሮሮ፣ ነገ ንፍጥ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ጠዋት ደህና ሆኖ ሥራ የገባውን ሰው ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ይቀድማሉ፤ ንፍጡ ካለም ከኋላ የሚከተል ነው።

አለርጂን በተመለከተ የሚሰማው ስህተት ሌላ ዓይነት ነው። «አለርጂ ቢኖርብኝ ከልጅነቴ ይታወቅ ነበር» ይባላል። ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ አይሠራም። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ አስምና አለርጂ ከስደቱ በኋላ እንደሚወጣ አሳይተዋል፤ ዋናው አስነሺም በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖረው፣ በዓይን የማይታየው የአቧራ ተባይ ነው። ይህ ፍጥረት እርጥበት ይወዳል። የደጋው የጎንደር ደረቅ አየር እምብዛም አይመቸውም፤ ሐዴራ ግን የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። የካቲትና መጋቢት ላይ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ የሆነው ብሮሽ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ወይራ የአበባ ብናኙን ይበትናል፤ የኢንፍሉዌንዛው ወራትም ገና ሳያልቅ ከብሮሹ ጋር ይደራረባል።

አለርጂን የሚያጋልጠው ማሳከክ ነው። አፍንጫ፣ ዓይንና ላንቃ ይበላሉ፤ ማስነጠሱ በተከታታይ ይመጣል፤ ንፍጡ እንደ ውኃ የቀጠነ ነው፤ ትኩሳት አይኖርም። አስነሺው ሲቀርብ በደቂቃዎች ይጀምራል፣ ሲርቅ ይቀንሳል፤ ለሳምንታትም ይመላለሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው የአለርጂ ክኒን ውጦ ንፍጡ ከቀነሰ «አለርጂ ነበር» ብሎ ይደመድማል። እንቅልፍ የሚያመጡት የድሮዎቹ የአለርጂ ክኒኖች ግን የጉንፋንንም ንፍጥ በመጠኑ ያደርቃሉ፤ ስለዚህ በእነሱ መሻል ምንም አያረጋግጥም። ዳማከሴ ጨምቆ ማሽተትም እንዲሁ ነው፤ አፍንጫው የተከፈተ ቢመስልም ምን እንደያዘው አይናገርም።

ፍርዱ የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የ48 ዓመት ሴት ናት፤ ሐዴራ ውስጥ የ84 ዓመት አሮጊት ቤት እየሄደች ትንከባከባለች። ወሩ መጋቢት ነው። እሑድ ማታ ጉሮሮዋን ከረከራት፤ ሰኞ ጠዋት ቀጭን ንፍጥና ማስነጠስ መጣ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት አለርጂ ነው ተብላ ስለነበር ሎራታዲን ዋጠች። ለጥንቃቄም በቤት ውስጥ የሚደረገውን የኮሮና አንቲጂን ምርመራ አደረገች፤ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ትኩሳት የለም፣ ማሽተት አልጠፋም፣ ምርመራውም ነጻ አላት፤ በተለመደው ፍርድ ማክሰኞ ሥራ ትገባለች።

ነገሩን በደንብ ያየ ሰው ግን ሦስት ነገር ያስተውላል። ከንፍጡ በፊት ጉሮሮ ተከርክሯል፤ አለርጂ እንዲህ አይጀምርም። ዓይኗም ላንቃዋም አይበላትም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ምርመራው የተደረገው በአንደኛው ቀን ነው። ቀድሞ የተከተበ ወይም የታመመ ሰው የመከላከል ኃይሉ ፈጥኖ ስለሚነቃ ምልክቱ ከቫይረሱ ብዛት ይቀድማል፤ የቫይረሱ መጠን የሚጨምረው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን «የለም» የሚያመለክተው ለጊዜው አለመታየቱን ነው። ትክክለኛው አካሄድ ምርመራውን ከ48 ሰዓት በኋላ መድገምና እስከዚያ ከአሮጊቷ መራቅ፣ መራቅ ካልተቻለም በደንብ የሚገጥም ማስክ ማድረግ ነው። ረቡዕ ስትደግመው በ15 ደቂቃ ውስጥ የደበዘዘ ሁለተኛ መስመር ቢወጣ ኮሮና ነው፤ ድብዝዝ መስመርም መስመር ነው። ካልወጣ ጉንፋን መሆኑ ይበልጥ ያመዝናል። ኢንፍሉዌንዛን አብሮ የሚመረምር ኪት ካለ ደግሞ የተሻለ ነው።

ቀኑን መቁጠር ለእሷ ያን ያህል ላይጠቅማት ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍት ይድናል። ለአሮጊቷ ግን መድኃኒቱ በቀን የተወሰነ ነው። የኢንፍሉዌንዛው ታሚፍሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ የኮሮናው ፓክስሎቪድ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። አሮጊቷ ላይ ምልክት እንደታየ ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪሟ ሳይደወል «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» እየተባለ የሚጠፋው ቀን ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደረስ ደግሞ «ንፍጤ አረንጓዴ ሆኗል» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጠየቃል። ቀለሙ የሚለወጠው ቫይረሱን ለመዋጋት ከመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ በተራ ጉንፋንም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚጠበቅ ነገር ነው። ባክቴሪያን የሚያስጠረጥረው ሕመሙ ከ10 ቀን አልፎ ምንም ሳይሻል ሲቀር፣ ወይም ተሽሎ ቆይቶ ትኩሳትና የፊት ሕመም ይዞ እንደገና ሲብስ ነው። ከ10 ቀን በላይ የቆየው ንፍጥ ቀጭን ሆኖ ማሳከክ ካለበት ግን ወደ አለርጂው ተመልሶ ፍራሹንና ትራሱን መመርመር ይሻላል።