ለአዲስ ባሪስታ መጀመሪያ ሦስት ብርጭቆ

አዲስ ባሪስታ ሲገባ "ጃስሚን ይሸታል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል" የሚል ዝርዝር ማሸከም አልወድም። ልጁ በምላሱ ያላገኘውን ቃል መሸምደድ ይጀምራል። እኔ እዚህ ሶዶ የማስጀምረው በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ነው። በሁለቱ የታጠበ የሲዳማ ቡና፣ በአንዱ ያልታጠበ። ልዩ የሆነችውን አግኝ፣ በቃ።

ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 11 ግራም ለብቻው ይፈጫል፤ የተበላሸ ፍሬ ካለ አንዱን ብቻ እንዲያበላሽ። ውሃው 200 ሚሊ ሊትር። ቴርሞሜትር የላችሁም? ግድ የለም፣ ሶዶ ከፍታዋ ወደ 2,000 ሜትር ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። 4 ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ላይ የረጋውን ቡና በማንኪያ መስበር፣ አረፋውን መግፈፍ፣ 10ኛው ደቂቃ ላይ ፉት ማለት። ማንኪያው በየመሀሉ በውሃ ይለቅለቅ።

በቅርብ የጀመረ ልጅ ትኩስ እያለ ተሳሳተ። "ቡና በትኩሱ ነው" ብሎ ሊተወው ሲል አስቆምኩት። ለብ ሲል ደግሞ ቀመሰና "ይቺኛዋ የበሰለ ፍራፍሬ ትመስላለች" አለ። ልክ ነበር! ቃሉንም ራሱ አመጣው። ግን በግምትም ከሦስት አንዴ ይገኛልና ቦታ ቀያይሬ አራት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱን አገኘ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ሁለቱ ቡናዎች እኩል ካልተቆሉ ልጁ የሚለየው የታጠበውን ካልታጠበው ሳይሆን የጠቆረውን ካልጠቆረው ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ተሸውጃለሁ 😄