ብሩ የሚገባው በማን ስም ነው?



ባለፈው ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ከእኛ ጋር ተምሮ የተመረቀ አንድ ወንድማችን በቴሌግራም ደብዳቤ ደረሰው። በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ተመርጠሃል ይላል። አርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ስሙም እስከ አያቱ ሳይሳሳት ተጽፏል። ከሥር ግን «ለፋይል ማስከፈቻ» 1,800 ብር በሁለት ቀን ውስጥ እንዲከፍል ተጠይቋል። ከፈለ። በሳምንቱ ለቪዛ 12,500 ተባለ፤ ከላላ ያሉት አባቱ በግ ሸጠው ላኩለት። ከዚያ «ቱርክ ስትደርስ የሚመለስልህ መያዣ ነው» ተብሎ 34,000 ተጠየቀ። ሪያድ ያለችው እህቱ የወር ደመወዟን ላከችና እሱንም ከፈለ። በድምሩ 48,300 ብር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የተመለከተው ነገር ቢኖር የተዘጋ የቴሌግራም አካውንት ነው።

ይህን ታሪክ የምናነሳው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ማስታወቂያውን ወደ ጀመዓችን ግሩፕ ያስተላለፍነው እኛው ነን። «ስማችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ላኩ» የሚለውን ጽሑፍ አንዱ ከሌላ ግሩፕ አመጣው፣ ሌላው «ባረከላሁ ፊክ» አለበት፣ ማንም ግን ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ወንድማችን ያመነው የማያውቀውን ደላላ ሳይሆን እኛን ነው። ደብዳቤው ላይ ስሙ እስከ አያቱ የሰፈረውም ራሱ ከላከው ዲግሪ ላይ ተገልብጦ ነው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ደብዳቤውን ከሱ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። መጀመሪያ የታየን ጊዜው ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ከዚያ ማጣሪያ አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ውጤቱ የሚታወቀውም ክረምት ላይ ነው። ማመልከቻው በተዘጋ በሳምንቱ፣ ማንም ቃለ መጠይቅ ሳያደርግልህ «ተመርጠሃል» የሚል ደብዳቤ ሊመጣ አይችልም። ወንድማችን ደግሞ በሲስተሙ ላይ የራሱ አካውንት እንኳ አልነበረውም። በዚህ ስኮላርሺፕ አመልካቹ ራሱ በ `tbbs.turkiyeburslari.gov.tr` አካውንት ይከፍታል፣ ማስረጃውን ራሱ ይጭናል፣ ውጤቱንም እዚያው ገብቶ ያያል። ለማመልከቻው የሚከፈል ብር የለም። እድሉ የትምህርቱን ክፍያ፣ የወር ድጎማ፣ ማደሪያ፣ የጤና መድንና የአውሮፕላን ትኬት የሚሸፍን ነው። ይህን ሁሉ የሚሸፍን መንግሥት 1,800 ብር ከአንድ ተማሪ የሚፈልግበት ምክንያት አይገባንም።

ቀጥለን አድራሻውን አየን። ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ኢሜይል የጂሜይል ነው። ከ `@` በፊት ያለውን ማንም የፈለገውን ስም ሊያወጣለት ስለሚችል የሚታየው ከ `@` በኋላ ያለው ነው። የድረ ገጽ አድራሻም እንዲሁ መነበብ ያለበት ከኋላ ወደፊት ነው። ባለቤቱን የሚያሳየው ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት መጨረሻ ላይ የሰፈረው ክፍል ነው። ስለዚህ `turkiyeburslari.gov.tr` የቱርክ መንግሥት ነው፤ `turkiyeburslari.gov.tr.example.com` ግን ፊቱን ያስመሰለ የሌላ ሰው ቤት ነው። የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲን ፈልጋችሁ የምትገቡም መጨረሻው `iu.edu.sa` መሆኑን ተመልከቱ። ስልክ ላይ አድራሻው ስለሚቆረጥ ጣታችንን አሳርፈን እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ክፍያ ትንሽ የሆነው በርኅራኄ አይደለም። 1,800 ብሩ ወንፊት ነው፤ ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠይቃል የሚለውን ይለያል። የከፈለ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ሲጠየቅ የሚያስበው ስለ 12,500ው ብቻ አይደለም፤ ካቆምኩ የመጀመሪያው ይቀልጣል ብሎ ያስባል። በሦስተኛው ላይ አባትና እህት ገብተውበታል፤ ማቆም ማለት ለእነሱ «ተታለልኩ» ብሎ መናገር ነው። ወንድማችን 34,000ውን ሲልክ ግማሽ ልቡ እንደጠረጠረ ነግሮናል። ለአባቱ መናገሩ ስለከበደው ላከ።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ግን አንልም። እንዲያ ብለን ብንጽፍ እውነተኛውን እድል እናስመልጣለን። ፓስፖርት ይከፈልበታል፣ ማስረጃ ማረጋገጥ ይከፈልበታል፣ የእንግሊዝኛ ፈተና በጣም ይከፈልበታል፣ አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችም የማመልከቻ ክፍያ አላቸው። ልዩነቱ ብሩ የሚገባበት ስም ነው። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም ነው፣ ደረሰኝም አላቸው። የወንድማችን ብር ሦስቴም የገባው በግለሰብ ቴሌብር ነው፤ ያውም በሁለት የተለያዩ ሰዎች ስም። ቴሌብር ከማስተላለፋችን በፊት የተቀባዩን ስም ያሳየናል። «የቱርክ መንግሥት» ብሎ የአንድ ግለሰብ ስም ሲወጣ እጃችንን ማንሳት ነበረብን።

ወደ ሳዑዲና ሌሎች ዓረብ አገሮች የሚላኩ እህቶቻችን ጉዳይም በዚሁ መለኪያ ይታያል። በየቤታችን ያለ ጉዳይ ስለሆነ ሕጉን ማወቁ ይጠቅማል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። በሠራተኛዋ ላይ የሚቀሩት እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ያሉት ናቸው። ኤጀንሲው ለአገልግሎቱ ከሠራተኛዋ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። ስለዚህ መናኸሪያ አካባቢ ቁጭ ብሎ «ቪዛው ወጥቷል፣ ግማሹን አምጪ» የሚል ደላላ፣ ቪዛው እውነት ቢሆን እንኳ፣ አሠሪው መክፈል ያለበትን ነው ከእሷ የሚጠይቀው። የአገር ውስጡም የሥራ ማስታወቂያ እንዲሁ ነው፤ ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ በፊት «የምዝገባ» ወይም «የሥልጠና» ብሎ በግል ስልክ ብር የሚያስልክ መሥሪያ ቤት ሥራ እየሰጠ አይደለም።

ለከፈለ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማፈር ሳይሆን ፍጥነት ነው። የቴሌግራሙን ንግግር ሳያጠፋ ስክሪኑን ያንሳ፤ የክፍያውን መለያ ቁጥር ይያዝ፤ ወዲያው ለቴሌብር 127 ደውሎ ያሳውቅ፤ ከዚያ ፖሊስ ጋር ይሂድ። በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ብሩ ወዲያው ወጪ ተደርጎ ከሆነ የመመለስ እድሉ ጠባብ መሆኑንም ልንደብቅ አንፈልግም፤ የወንድማችን አልተመለሰም። ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው በቴሌግራም መጥቶ «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ 3,000 ላክ» አለው። ቁጥሩን ማን እንደሰጠው መገመት አይከብድም። አልሐምዱሊላህ፣ ያን ጊዜ ቀድሞ እኛን ጠየቀን።

በጀመዓው ግሩፕ ላይ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ አንድ ነገር እንዲደረግ እንጠይቃለን። የስኮላርሺፕም ሆነ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው የተቋሙን ገጽ ራሱ ከፍቶ አድራሻውን አብሮ ያስቀምጥ፤ ያላደረገውን አድሚኖቹ ያንሱት፤ ለጣፊው ቢከፋውም። ስኮላርሺፑ በሚቀጥለው ጥር ሲከፈት ከዙህር በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች አብረን እንሞላለን። ወንድማችንም በዚህ ጊዜ በራሱ አካውንት ሊያመለክት ከከላላ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።