መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ሌሊት

የማዋለጃ ክፍል የወር ተራ ሲወጣ ቀድሞ መጻፍ ያለበት ፈቃድ ነው፤ ቀጥሎ ሌሊት፣ የቀኑ ተራ በመጨረሻ። 18 አዋላጆች ኖረውት በየሌሊቱ አራት የሚያሳድር ክፍል እንውሰድ። በ30 ቀን 120 የሌሊት ተራ መሸፈን አለበት። ለሁሉም ሲካፈል ለአንድ ሰው ሰባት አይሞላም፤ ሦስቱ ፈቃድ ሲወጡ ስምንት ይሆናል። ይህ ይቻላል።

የሚከብደው የልምዱ ስብጥር ነው። በየሌሊቱ የእንግዴ ልጅ በእጅ ማውጣትና በቫኩም ማዋለድ የሚችል ቢያንስ አንድ ነባር ያስፈልጋል። ነባሮቹ ስድስት ቢሆኑ አምስት አምስት ሌሊት ይደርሳቸዋል። ለገና ሦስቱ አብረው ከወጡ ግን ቀሪዎቹ አሥር አሥር ሌሊት ሊያድሩ ነው። ሰሌዳው የሰው ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ይገጥሙና በማግስቱ አንድም ነባር አይኖርም። አራት ስም ስላለ ጉድለቱ ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ደም የሚፈሳት እናት ስትመጣ ነው።

ስለዚህ ነባሮቹ በሰሌዳው ላይ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ ከመካከላቸው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ፈቃድ አይውጣ። ከአዳር ማግስት ያለው ቀንም «እረፍት» ተብሎ ይጻፍ። ባዶ ሳጥን ያየች ኃላፊ፣ ሰው ሲቀርባት ብትሞላው አይፈረድባትም።